ደብዳቤው ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ከየት መጣ?

ኡበርም ሊፍትም የምትነዱ፣ ወይም የሚነዳ ባል፣ ወንድም፣ ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ፣ እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። እዚህ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ አንድ ደብዳቤ ስንቱን ቤት እንቅልፍ እንደሚነሳ ታውቃላችሁ። ከአይአርኤስ ይመጣል፤ ጥጉ ላይ «ሲፒ 2000» የሚል ተጽፎበታል፤ ውስጡ ደግሞ «ያላሳወቅከው ገቢ አለ» ይልና የሺዎች ዶላር ሒሳብ ይደረድራል። እኔ ይህን ደብዳቤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ከአንድ ሌላ ወረቀት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ድንገት ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ! ስለዚህ እናንተም ሳይገባችሁ አልተኛም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ለመተግበሪያ ኩባንያ የሚነዳ ሰው የኩባንያው ተቀጣሪ አይደለም፤ በሕግ ዓይን የራሱን ሥራ የሚሠራ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ዓመቱ ሲያልቅ የሚደርሰው ተቀጣሪ የሚያገኘው ደብሊው 2 ሳይሆን «1099-ኬ» የሚባል ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ በፖስታም አይመጣም፤ መተግበሪያው ውስጥ፣ የታክስ ሰነዶች የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ብዙ ሹፌር ከፍቶ አያየውም። ኩባንያው ግን ያንኑ ወረቀት ለአይአርኤስም ልኮታል። አንዱ ቅጂ ለእናንተ፣ አንዱ ለመንግሥት።

አሁን ወረቀቱ ላይ «1ኤ» የተባለችውን ሣጥን ተመልከቱ። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ናት። ውስጧ የተጻፈው ቁጥር ሹፌሩ ባንክ ከገባለት ገንዘብ ይበልጣል፤ ያውም በብዙ ሺህ! ሰው ሲያየው መጀመሪያ የሚለው «ይሄ ስህተት ነው፣ ይሄን ያህል ገንዘብ እኔ በዓይኔም አላየሁም» ነው። እውነቱን ነው፣ አላየም። ቁጥሩም ግን ስህተት አይደለም። ሁለቱም ልክ ናቸው! እንዴት ሆኖ?

በግ ልትሸጡ ገበያ ወጣችሁ እንበል። ደላላ ገዢ አመጣላችሁ፤ ገዢው 10,000 ብር ቆጥሮ ከፈለ፤ ብሩን የተቀበለው ግን ደላላው ነው። 3,000 ለራሱ አስቀርቶ 7,000 እጃችሁ ላይ አኖረ። ገበያው በር ላይ መዝገብ ይዞ የተቀመጠው ሰው ምን ብሎ ይጽፋል? «እገሌ በግ ሸጠ፣ ዋጋው 10,000»። ደላላው ስንት እንደወሰደ አይጠይቅም፤ ሥራው አይደለም። እናንተ ቤት ስትገቡ «ስንት ሸጥክ?» ስትባሉ «7,000» ትላላችሁ። ማንም አልዋሸም፤ መዝገቡና ኪሳችሁ ግን አይገናኙም።

ሣጥን 1ኤ ውስጥ ያለው ቁጥር የመዝጋቢው ቁጥር ነው። ተሳፋሪዎች በዓመቱ የከፈሉት ጠቅላላ ድምር፣ መተግበሪያው የራሱን ድርሻ ከመውሰዱ በፊት። ኩባንያው ይህን የሚያደርገው ሹፌሩን ለመጉዳትም በቸልተኝነትም አይደለም፤ ሕጉ እንዲህ አድርገህ ጻፍ ስለሚለው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ይህን የሪፖርት ግዴታ ያወጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከ2011 ክፍያዎች ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ደንቡ ጠቅላላው ገንዘብ የአገልግሎት ክፍያም፣ ቅናሽም፣ ለደንበኛ የተመለሰ ገንዘብም ሳይቀነስለት ይመዝገብ ይላል። ኢቤይና ኤትሲ ላይ ዕቃ በሚሸጡ ወዳጆቻችን ወረቀት ላይም ያለው እንዲሁ ነው፤ ገዢው ለማጓጓዣ የከፈለው፣ ዕቃው ተመልሶ የተመለሰለት ገንዘብ ሳይቀር ድምሩ ውስጥ አለ።

እሺ፣ አሁን አንድ ሹፌር እንፍጠርና ከእሱ ጋር እንሂድ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ የ2023 ዓመትን ሙሉ ነድቷል። ሣጥን 1ኤ ላይ የተጻፈለት 64,200 ዶላር ነው። ባንክ የገባለት ግን 45,500 ዶላር። የ18,700 ዶላር ልዩነት አለ።

ይህ 18,700 የት ሄደ? መልሱ ማንም የማይከፍተው ሌላ ወረቀት ላይ አለ። መተግበሪያው ከ1099-ኬው ጎን የዓመቱን የታክስ ማጠቃለያ ያስቀምጣል። እሱ ላይ ኩባንያው የወሰደው በየዓይነቱ ተዘርዝሯል፤ በእኛ ሹፌር ማጠቃለያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ 14,900፣ የቡኪንግ ክፍያ 2,900፣ የኤርፖርትና ሌሎች ክፍያዎች 900 እንበል። ደምሩት። 18,700! አንድ ዶላር እንኳ አልጎደለም። ደላላው የወሰደው ገንዘብ ራሱ ነው!

ሹፌራችን በ2024 ጸደይ ላይ ታክስ ሊያሠራ ሄደ። ታክስ የሚሠራለት ሰው «ዓመቱን ሙሉ ስንት ገባልህ?» ብሎ ጠየቀው። እሱም የባንክ ወረቀቱን አይቶ «45,500» አለ። የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ ስኬጁል ሲ ይባላል፤ መስመር 1 ላይ ጠቅላላ ገቢ ይጻፋል። እዚያ 45,500 ተጻፈ። ከዚያ የመኪና ወጪ መጣ። ሹፌራችን በዓመቱ 38,000 ማይል ለሥራ ነድቶ መዝግቧል፤ በ2023 አይአርኤስ ለአንድ ማይል የፈቀደው ቅናሽ 65.5 ሳንቲም ነበር። ሲባዛ 24,890 ዶላር ይሆናል፤ መስመር 9 ላይ ገባ። መስመር 10 የኮሚሽንና የአገልግሎት ክፍያ ቦታ ነው፤ ባዶውን ቀረ። የተጣራ ትርፍ 45,500 ሲቀነስ 24,890፣ ማለትም 20,610 ዶላር። በእሱም ላይ ታክሱን ከፍሎ በሰላም ወደ ሥራው ተመለሰ።

አይአርኤስ ሪተርኑ እንደደረሰው ወዲያው ከ1099ዎቹ ጋር አያመሳክርም። መጀመሪያ ከየኩባንያው የሚላኩት ወረቀቶች ሁሉ መግባት አለባቸው፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር እያዛመደ፣ ሰውየው የጻፈውንና ሌሎች ስለ እሱ የጻፉትን ያስተያያል። ለዚህ ነው ደብዳቤው ዓመት ከዚያም በላይ ቆይቶ፣ ነገሩ ከተረሳ በኋላ የሚመጣው። የሹፌራችንም በ2025 መጣ እንበል።

ማመሳከሪያው ምን አየ? 1099-ኬ ላይ 64,200። ስኬጁል ሲ መስመር 1 ላይ 45,500። ልዩነቱ 18,700። በቃ፣ ያየው ይህን ብቻ ነው። የታክስ ማጠቃለያው ለአይአርኤስ አይላክም! ደላላው የወሰደውን የሚያሳየው ወረቀት ያለው ሹፌሩ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን አይአርኤስ በራሱ ሠራው፤ 18,700 ዶላር ያልተነገረ ትርፍ ነው ብሎ፣ አንድም ወጪ ሳይቀንስለት፣ ታክሱን አሰላ።

የግል ሥራ የሚሠራ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮውን የአሠሪውንም የሠራተኛውንም ድርሻ ራሱ ይከፍላል፤ ከትርፉ 92.35 በመቶው ተወስዶ በእሱ ላይ 15.3 በመቶ። በ18,700 ላይ ወደ 2,640 ዶላር ይመጣል። ሚስቱ ደግሞ ትሠራለች፤ የሁለቱ ገቢ 12 በመቶ እርከን ላይ ያደርሳቸዋል እንበል። ተራው የገቢ ታክስ ሲጨመር ድምሩ ከ4,000 ዶላር ያልፋል። ወለዱም ታክሱ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ እየቆጠረ ነው። ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው ቢደነግጥ ምን ይፈረድበታል?

አሁን ያን ስኬጁል ሲ እንደ አዲስ እንሥራው፤ በዚህኛው ግን የመዝጋቢውን ቁጥር እንጠቀም። መስመር 1 ላይ 64,200። መስመር 10 ላይ መተግበሪያው የወሰደው 18,700። መስመር 9 ላይ የማይሉ 24,890። ቀንሱ እስቲ። 64,200 ሲቀነስ 18,700፣ 45,500። ሲቀነስ 24,890፣ 20,610።

20,610! ያው የድሮው ትርፍ! አያችሁ? የጎደለው ገቢ ቢጨመርም የጎደለው ወጪ አብሮ ስለሚጨመር ትርፉ ከቦታው አልተነቃነቀም። ታክስ የሚከፈለው በትርፍ ላይ ስለሆነ፣ ሹፌራችን ዕዳ የለበትም። ሪተርኑ የተሳሳተው በአጻጻፍ እንጂ በድምር አይደለም። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ ብድግ አልኩ፤ ያ ሁሉ ሺህ ዶላር የቆመው በአንዲት ባዶ መስመር ላይ ነበር!

ግን ቆይ፣ ሁሉም ሰው እንደ ሹፌራችን ዕድለኛ አይደለም፤ ስለዚህ የራሳችሁ ደብዳቤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት አለባችሁ። ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አለ፤ ሪተርናችሁ ላይ ያለው፣ ሌሎች ለአይአርኤስ የነገሩት፣ እና ልዩነቱ። ልዩነቱን ያዙና የታክስ ማጠቃለያው ላይ ካሉት ክፍያዎች ድምር ጋር አስተያዩት። ከገጠመና መስመር 10 ባዶ ከሆነ፣ የሹፌራችን ታሪክ የእናንተም ነው። ከገጠመ ግን መስመር 10 ላይም ያው ክፍያ ቀድሞ ተቀንሶ ከሆነ፣ ነገሩ ተገልብጧል፤ ባንክ የገባውን የተጣራ ገንዘብ ጽፋችሁ፣ ከእሱ ላይ ኮሚሽኑን ሁለተኛ ጊዜ ቀንሳችኋል ማለት ነው። ያኔ አይአርኤስ ትክክል ነው፣ ታክሱም እውነተኛ ዕዳ ነው። ይህን ሳያዩ «አልስማማም» ብሎ መላክ አያዋጣም።

ልዩነቱ ከአንድ ሙሉ 1099-ኬ ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ የተረሳ መተግበሪያ አለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ እየነዱ፣ ለሁለት ወር ያህል በሌላው ሞክረው የተዉት ሰዎች ላይ ይደርሳል። ያ ገቢ እውነት ገቢ ነው፤ ሆኖም በእሱም ላይ ኩባንያው የወሰደው ድርሻ አለ፣ የተነዳና ያልተቀነሰ ማይል ሊኖር ይችላል። መዝገቡ ካላችሁ እነዚያን አቅርባችሁ ዕዳውን ማሳነስ ትችላላችሁ፤ አይአርኤስ ግን በራሱ አስቦ አይቀንስላችሁም።

በነገራችን ላይ «እኔ የነዳሁት ትንሽ ስለሆነ ወረቀቱ አይመጣም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በፌዴራል ደረጃ ኩባንያው 1099-ኬ የመላክ ግዴታ ያለበት ክፍያው ከ20,000 ዶላር ሲበልጥና ጉዞው ከ200 በላይ ሲሆን ነው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ግን ይህን ወለል ወደ 600 ዶላር አውርደውታል። ወረቀት መጣም ቀረም ደግሞ ገቢው ገቢ ነው።

ወደ ሹፌራችን እንመለስ። ምን ያድርግ? በመጀመሪያ በእጁ ያለው ወረቀት ሒሳብ መክፈያ አይደለም፤ ኦዲትም አይደለም። አይአርኤስ «እኔ የማየው እንዲህ ነው፣ ሪተርንህን እንዲህ ልለውጠው አስቤያለሁ፤ አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ ሐሳብ ማቅረቡ ነው። ጥያቄ ስለሆነ መልስ ይፈልጋል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው ላይ ከታተመው ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። የመጨረሻው ቀን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ደብዳቤው የቆየ አድራሻ ላይ ሄዶ ወይም ሳይከፈት ሰንብቶ ቀኑ ከጠበበ፣ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ደውሎ ተጨማሪ ጊዜ መጠየቅ ይቻላል።

ከደብዳቤው ጋር የመልስ ቅጽ አብሮ ይመጣል። «እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ሹፌራችን የሚመርጠው «አልስማማም» የሚለውን ነው። ደንግጦ ወይም ነገሩ እንዲያልቅለት ብሎ «እስማማለሁ» ላይ ፈርሞ ቢልክ፣ የሌለበትን ዕዳ ተቀበለ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሆዴን ይበላኛል፤ በእንግሊዝኛው ፍርሃት ብቻ እንዲህ አድርገው የከፈሉ ሰዎች መኖራቸው አይቀርምና።

ከቅጹ ጋር የፈረመበት አጭር ደብዳቤ ያያይዛል። ረጅም ታሪክ አያስፈልገውም። ይዘቱ ይህን ያህል ነው፤ «በ1099-ኬ ላይ ያለው 64,200 ዶላር ተሳፋሪዎች የከፈሉት ጠቅላላ ነው። ከእሱ ውስጥ 18,700 ዶላር ኩባንያው አስቀርቶታል። ሪተርኔ ላይ የጻፍኩት ከዚያ የተረፈውን 45,500 ነው፤ የተቀረውን 18,700 እንደ ወጪ አልቀነስኩም። የተስተካከለው ስኬጁል ሲ ትርፌ 20,610 መሆኑን፣ ማለትም እንዳልተለወጠ ያሳያል።» ከሥሩ የተስተካከለው ስኬጁል ሲ፣ 1099-ኬው፣ ክፍያዎቹ የተዘረዘሩበት የታክስ ማጠቃለያ፣ እና 45,500ውን የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ይገባሉ። ወረቀቱን የሚያየው ሰው ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ እይታ መደመር እንዲችል፣ የሚመለከታቸው ቦታዎች ላይ ማስመር ደግ ነው።

አላላኩም ቀላል ነው፤ ደብዳቤው ላይ ባለው አድራሻ በፖስታ፣ ወይም እዚያው በተጻፈው የፋክስ ቁጥር፣ ወይም አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ባለው የሰነድ መጫኛ። በፖስታ ከሆነ መድረሱን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ባለው መንገድ ይሁን፤ የሁሉም ቅጂ ቤት ይቅር። አንዳንድ ሰው ደግሞ መልሱን ትቶ የተስተካከለ ሪተርን፣ 1040-ኤክስ የሚባለውን፣ ለብቻው ይልካል። ያ ወረቀት ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ ወረፋ ይይዛል፤ የደብዳቤው ሰዓት ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ዝም ቢልስ? ቀጥሎ የሚመጣው ሲፒ 3219ኤ የሚባል ደብዳቤ ነው፤ ብዙዎች የ90 ቀን ደብዳቤ የሚሉት። እሱ ከመጣ በኋላ ሰውየው በ90 ቀን ውስጥ ለአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት አቤቱታ ማስገባት ይችላል፤ ይህችን ቀን ግን አይአርኤስ በስልክ ቢለመንም ሊያራዝማት አይችልም። ካለፈች ሐሳቡ ዕዳ ይሆናል፤ ማስከፈያው መምጣት ይጀምራል። ስለዚህ ወረቀቶቹን መላክ የሚሻለው ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ነው።

መልሱ ከተቀበሉት ሲፒ 2005 የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ የላክኸውን አይተናል፣ ጉዳዩን ዘግተነዋል የሚል። ሹፌራችን እሱን ከ2023 ሪተርኑ ጋር አብሮ ያስቀምጠዋል። በሚቀጥለው ጸደይ ታክስ ሊያሠራ ሲሄድ ደግሞ የባንክ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ከመተግበሪያው ያወርዳል፤ 1099-ኬውንም፣ ማጠቃለያውንም። የሣጥን 1ኤ ቁጥር ሳይነካ መስመር 1 ላይ ይገባል፣ ኩባንያው የወሰደው መስመር 10 ላይ። ከዚያ በኋላ ማመሳከሪያው ሁለቱን ቁጥሮች ሲያስተያይ ልዩነቱ ዜሮ ነው።